የስድስተኛዋ ሚዜ ቀሚስ

ዛሬ ስለ ፈተናም ስለ ደመወዝም አይደለም የምጽፈው። ስለ አንድ ቀሚስ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ታውቃላችሁ፣ ከሰኞ እስከ አርብ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ፎቶ አስተካክላለሁ። በዲፕሎማ ደመወዝ የቤት ኪራይና የልጅ ወተት አብረው አይከፈሉም፣ እና ጥር ሲመጣ ሰርጉ ስለሚበዛ እኔም ትንሽ እተነፍሳለሁ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ማታ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ጥር ላይ ነው የተሞሸረችው፣ እኔም ሰርጉ ላይ ነበርኩ። «ቲቸር አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለችና ፎቶ ላከች። ሆቴሉ ግቢ ሣር ላይ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ የተነሳ የቡድን ፎቶ ነው። ሙሽራዋ መሃል፣ ሦስት ሚዜዎች በቀኝ፣ ሦስት በግራ። አምስቱ ወይን ጠጅ ለብሰዋል። ስድስተኛዋ፣ በግራ ጫፍ ያለችው፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ደማቅ ቀይ።

ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ 50 በ70 ሳንቲ ሆኖ፣ ለፋሲካ እናቷ ሳሎን ሊሰቀል ነው። «ገና ሲያዩት ዓይን የሚሄደው እሷ ላይ ነው ቲቸር። የእሷን ቀሚስ እንደ ሌሎቹ ያድርጉልኝ። ለእሷ ግን አይንገሯት፣ ሲሰቀል አይታ ትደሰታለች» አለች።

ስድስተኛዋም ተማሪዬ ነበረች። ሁለቱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው።

እኔም «ቀላል ነው» አልኩ። ይቺ ቃል ናት ያዋረደችኝ።

አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፎቶሾፕ ከፈትኩ፣ Hue/Saturation የሚለው ውስጥ ገብቼ Reds መረጥኩ፣ ቀዩን ወደ ወይን ጠጅ ገፋሁት፣ ጠቆር አደረግኩት፣ ቀሚሷ አካባቢ ብቻ እንዲሠራ በወፍራም ብሩሽ ከለልኩት። በስልኬ ስክሪን ሳየው ደህና ነው። ላኩላት። በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ራሳቸው ደወሉ። «መምህር፣ ይቺን ልጅ ምን ነክቷት ነው? ሰርጉ ላይ ደህና ነበረች እኮ!»

ከፍቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ክንዷ፣ አንገቷና ከንፈሯ እንደ ታመመ ሰው ወደ ሐምራዊ ሄዷል። የያዘችው አበባ ጠውልጓል።

ምን ሆኖ ነው? ኮምፒውተር ቀለምን በክብ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ እንደ ሰዓት። ክቡ 360 ዲግሪ ነው። ቀይ 0 ላይ ነው፣ ብርቱካን 30 አካባቢ፣ ወይን ጠጅ ደግሞ ክቡ ሊገጥም ሲል 345 አካባቢ። የእኛ የሐበሻ ቆዳስ? አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 መካከል ይወድቃል። ማለትም የልጅቷ ቀሚስና የልጅቷ ክንድ ለኮምፒውተሩ ጎረቤት ናቸው። «ቀዩን ቀይርልኝ» ስለው ክንዷንም ቀየረልኝ። ቀሚሱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ይሄ ችግር አይመጣም ነበር። ሰማያዊ ቆዳ ያለው ሰው የለምና ኮምፒውተሩ በቀለም ብቻ ይለየዋል። ቀይ ቀሚስ ግን በቀለም አይለይም፣ በእጅ ነው የሚለየው።

እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ፎቶ አንሺውን ዋናውን ፋይል መጠየቅ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ደግሞ በጣም የሚጎዳው የቀለሙ ዝርዝር ነው። ብርሃንና ጥላው ደህና ይቆያል፣ ቀለሙ ግን በደፈናው ይቀመጣል። ስለዚህ ደማቅ ቀይ ጨርቅ ጠርዙ ላይ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል፣ የቀሚሱ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ፎቶ ለማሠራት የምትልኩ ሰዎች፣ በ«ፋይል» ላኩ እንጂ በ«ፎቶ» አትላኩ። ግማሹ ልፋት እዚያ ላይ ይቀራል።

ዋናው ፋይል መጣ። ቀሚሱን ከሰውነቷ መለየት ጀመርኩ። መጀመሪያ Quick Selection በሚባለው መሣሪያ በጅምላ ያዝኩት፣ ከዚያ Layer Mask አድርጌ ፎቶውን ወደ 200 ፐርሰንት አስጠግቼ ጠርዝ ጠርዙን በብሩሽ ማስተካከል። ማስክ ማለት ወንፊት ነው በሉት፣ ነጭ በቀባሁት ቦታ ለውጡ ያልፋል፣ ጥቁር በቀባሁት ቦታ አያልፍም። ሦስት ቦታ ላይ ደከምኩ። ትከሻዋ ላይ የወረደው ፀጉር አንዱ ነው፣ በለስላሳ ብሩሽ ካልሆነ ፀጉሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ሁለተኛው እጅጌዋ ነው። ስስ መረብ ስለሆነ ከሥሩ ቆዳዋ ይታያል፣ ስለዚህ ሙሉ ነጭም ሙሉ ጥቁርም አይሆንም፣ ግራጫ ነው የሚቀባው። ሦስተኛው አበባውን የያዙት ጣቶቿ ናቸው።

ጣቶቿ ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ።

አምስቱ ሚዜዎች አበባቸውን ወገባቸው ላይ፣ በአንድ እጅ ቀለል አድርገው ይዘዋል። እሷ ግን አበባውን ዝቅ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ፣ ቀሚሷ ፊት ለፊት ዘርግታዋለች። ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ነው የጨበጠችው። ትከሻዋን ደግሞ ወደ ጎን አዙራ ግማሽ ሰውነቷን ከአጠገቧ ካለችው ሚዜ ኋላ አስገብታለች። ያን ቀን እዚያው ነበርኩ፣ ግን አላየሁትም። ሰርግ ላይ ማን እንዲህ ያያል? በ200 ፐርሰንት ግን ይታያል። ልጅቷ ቀሚሷን እየደበቀች ነበር።

ሥራውን አቆምኩና ለሙሽራዋ ደወልኩ። «ያለ እሷ ፈቃድ አልጨርሰውም። ሳታውቅ ግድግዳ ላይ ብታየው የምትደሰት አይመስለኝም፣ እናንተም እንዳፈራችሁባት ነው የሚገባት። ደውይላት» አልኳት። ቅር አላት፣ ዝም አለች። «እሺ ቲቸር» አለችኝ በመጨረሻ።

በማግስቱ ስድስተኛዋ ራሷ ደወለችልኝ። የቀሚሱን ታሪክ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ፈቃድ ይሰጧት አይሰጧት ስላልታወቀ ሚዜዎቹ ጨርቅ ሲገዙ እሷ አልተቆጠረችም። ፈቃዱ ሲመጣ ባለሱቁ ዘንድ ያ ጣቃ አልቋል። «እዚያው ፈልጊ» ተብላ የጨርቁ ፎቶ በስልክ ተላከላት። ከሥራ ወጥታ በምሽት ሱቅ ገባች። ቁራጭ ናሙና የላትም። በእጇ ያለው ስልክ ነው፣ ከላይ የሱቁ አምፖል። ባለሱቁ ጣቃውን ዘረጋላት፣ ስልኩን አጠገቡ አደረገች፣ አንድ ነው። ገዛች፣ አሰፋች፣ ሰርጉ ዋዜማ ደረሰች። ጠዋት ሁሉም ለብሰው ወደ ግቢው ሲወጡ ነው ፀሐይ ያጋለጣት።

እናቶቻችን ጨርቅ ሲገዙ ይዘውት ወደ ሱቁ በር የሚወጡት ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? የስልክ ካሜራ የአምፖሉን ቀለም በራሱ ግምት ያስተካክላል፣ ስክሪኑ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በዚያ ላይ ሁለት የተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ጨርቆች አምፖል ሥር ተመሳስለው ፀሐይ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ምክንያቱም አምፖሉ የፀሐይን ያህል ሁሉንም የብርሃን ዓይነት አይሰጥም። የሌለው ብርሃን ልዩነቱን አያሳይም። ልጅቷ አላጠፋችም፣ ያያት ብርሃን ነው የዋሻት።

«ይቀይሩት ቲቸር» አለችኝ። «የቡድኑን ይቀይሩት፣ እኔም ባየሁት ቁጥር ከምሳቀቅ። ግን እኔና እሷ ብቻችን የተነሳነው አለ፣ ዛፉ ሥር። እሱን እንዳይነኩት። እሱ ላይ ቀሚሴ ያምራል።»

ከፍቼ አየሁት። በእውነት ያምራል። ነጩ ቬሎ፣ ከኋላ አረንጓዴው፣ መሃል ያ ደማቅ ቀይ። ቀሚሱ አስቀያሚ ሆኖ አያውቅም። ችግሩ አምስት ወይን ጠጅ አጠገቡ ሲቆሙ ብቻ የሚመጣ ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ማስኩ ካለቀ በኋላ ጥያቄው «ስንት ልቀይር?» ነው። በዓይን መገመት አያዋጣም። የአጠገቧን ሚዜ ቀሚስ ለካሁ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ የመታው፣ መካከለኛውና የእጥፋቱ ጥላ፣ ሦስቱም። የእሷንም እንዲሁ። መካከለኛው ላይ የጎረቤቷ ቀሚስ ክቡ ላይ 345 ነው፣ የእሷ 8። ስለዚህ 23 ዲግሪ ወደ ኋላ። የቀለሙም ኃይል ትንሽ ቀነስ ይላል። ማስኩ ስላለ አሁን ቆዳዋ አይነካም።

ቀለሙ መጣ። ግን ቀሚሱ አሁንም ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ሌላ ነው። ሰው «ቀለሙ አልገጠመም» ሲል ብዙ ጊዜ ያልገጠመው ቀለሙ ሳይሆን ድምቀቱ ነው። ይሄን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፣ ፎቶውን ለጊዜው ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ሳደርገው አምስቱ ጥቁር ግራጫ ሆኑ፣ እሷ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆና ብቻዋን ወጣች።

ማጥቆር አለብኝ። Lightness የሚለውን ዝም ብሎ መጎተት ግን ጨርቁን ይገድለዋል። ቀሚሱ ሳቲን ነው፣ ሳቲን ደግሞ የሚያምረው በሚያብረቀርቀው መስመር ነው። Lightness ብርሃኑንም ጥላውንም እኩል ስለሚያወርድ ሳቲኑ ካርቶን ይሆናል። ሌላም ችግር ነበር። እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥር አላት፣ ከ0 እስከ 255። ፀሐይ በመታው በኩል የቀዩ ቁጥር በሙሉ 255 ላይ ተጣብቋል፣ ጣሪያ ነክቷል። ጣሪያ የነካ ነገር ውስጥ እጥፋት የለም። ብታጠቁረው የሚወጣው ለጥ ያለ ጠቆር ያለ ሜዳ ነው።

ደግነቱ ቀይ ልብስ አረንጓዴ ብርሃን ብዙ አያንጸባርቅም፣ ስለዚህ የአረንጓዴው ቁጥር ጣሪያ አልነካም። Channels ውስጥ ገብቼ አረንጓዴውን ብቻውን ሳየው እጥፋቱ፣ ስፌቱ፣ ወገቧ ላይ ያለው ሽብሽብ ሁሉ ቁጭ ብሏል፣ ያውም ጠቆር ብሎ። የምፈልገውም እሱን ነው። ያን ምስል ቀድቼ ከላይ አስቀመጥኩት፣ Luminosity አደረግኩት፣ ማለትም ብርሃንና ጥላውን ብቻ እንዲሰጠኝ፣ ቀለሙን እንዳይነካ። በዚያው ማስክ ቀሚሱ ላይ ብቻ ወሰንኩት። ሙሉውን ስሰጠው በጣም ጠቆረ፣ 60 ፐርሰንት ላይ ተስማማ። ከዚያ Curves ወስጄ መሃሉን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ፣ የሚያብረቀርቀውን መስመር ግን ተውኩት።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ልሠራ ነበር። የጎረቤቷን ቁጥር በትክክል ላመጣ ስል ቀሚሱን አንድ ዓይነት አደረግኩት፣ እና የተለጠፈ መሰለ። ለምን? አምስቱም እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም! በግራ ያሉት ፀሐይ ስለሚያገኛቸው ፈካ ይላሉ፣ በቀኝ ያሉት ጥላ ስላለባቸው ይጠቁራሉ። እሷ ደግሞ በግራ መጨረሻ ናት፣ ለፀሐይ ከሁሉም የቀረበች። ስለዚህ ከጎረቤቷ በትንሹ ፈካ ማለት አለባት። ትንሽ ለቀቅ አደረግኩት፣ ያኔ ቦታዋ ላይ ቆመች።

አሁን ይበቃል ብዬ ተነሳሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ግን አንድ ነገር አላማረኝም። ቀሚሱ ልክ ነው፣ ፎቶው ግን ልክ አይደለም። ሩብ ሰዓት ያህል ፈዝዤ አየሁትና አገኘሁት። ቀዩ ቀሚሱ ላይ ብቻ አልነበረም። ፀሐይ ደማቅ ጨርቅ ስትመታ ጨርቁ ብርሃኑን አጠገቡ ላለው ሁሉ ያካፍላል። አገጯ ሥር፣ የክንዷ ውስጠኛ ጎን፣ የጎረቤቷ ክርን፣ ነጩ የአበባ ሪባን ላይ ሳይቀር ያ ብርቱካንማ ቀይ አለ። ቀሚሱን ወስጄበት ነጸብራቁን ትቼዋለሁ፣ እሳቱ ጠፍቶ ሙቀቱ እንደ ቀረ ማለት ነው። የሚያይ ሰው ምክንያቱን አያውቅም፣ ዓይኑ ግን አያምንም።

አዲስ ሌየር ከፈትኩ፣ Color አደረግኩት፣ ከራሷ ክንድ ንጹሕ ቦታ ቀለም ወስጄ በለስላሳ ብሩሽ፣ በ10 ፐርሰንት ኃይል፣ ቀስ እያልኩ ነካካሁት። ሪባኑንም እንዲሁ ከራሱ ነጭ። ሁሉንም አላጠፋሁም። ወይን ጠጅም ቢሆን ትንሽ ያንጸባርቃል፣ የሌሎቹ ሚዜዎች አገጭ ሥርም ለስለስ ያለ ጥላ አለ። እነሱን እያየሁ ለእሷም ያን ያህል ተውኩላት።

ከዚያ ፈተና። ፎቶውን እንደ ጉርድ ፎቶ አሳነስኩት፣ ዓይኔ መጀመሪያ የት ይሄዳል? ሙሽራዋ ላይ። ጥቁርና ነጭ አደረግኩት፣ ማንም ብቻዋን አልወጣችም። ግራና ቀኙን ገለበጥኩት፣ ምክንያቱም ዓይን የለመደውን ስህተት ያልፈዋል፣ ሲገለበጥ ግን እንደ አዲስ ያያል። እጅጌዋ ጠርዝ ላይ የቀረች አንዲት ቀይ መስመር ያኔ ነው የያዝኳት።

ትልቁን ከማሳተሜ በፊት አንድ 10 በ15 አወጣሁ። ፎቶ ቤት ውስጥ አየሁት፣ ሸጋ ነው። ልዘዝ ስል ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። እኔም እኮ አምፖል ሥር ነው የቆምኩት! ይዤው በሩ ላይ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ የእሷ ቀሚስ ከአምስቱ በትንሹ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ስክሪኔ ያላሳየኝን ፀሐይ አሳየችኝ። ተመልሼ 4 ዲግሪ ወደ ቀይ መለስኩት፣ ሌላ 10 በ15 አወጣሁ፣ እንደገና በሩ ላይ። አሁን እሺ።

ሁለት ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ ያ «ቀላል ነው» ያልኩት።

ያላስተካከልኩትም አለ። አበባውን የጨበጡትን ጣቶች አልነካሁም፣ የዞረ ትከሻዋንም። ቀሚሱ አሁን ወይን ጠጅ ነው፣ የምትደብቀው ነገር ግን የለም፣ ሆኖም ትደብቃለች። ማንም አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። የሰርጉ ቪዲዮ ላይም ቀይ ናት፣ የእንግዶቹ ስልክ ላይም ቀይ ናት።

ለፋሲካ ፎቶው ተሰቀለ። እናትየው ጠርተውኝ ሄድኩ። ዶሮውን እየበላን አንዷ አክስት ፎቶውን አይታ «ስድስቱም እህትማማች ይመስላሉ» አለች። ሙሽራዋ አየችኝ፣ እኔ ወጤን አየሁ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ ትንሽ ፍሬም አለች። ዛፉ ሥር ሁለት ልጆች፣ አንዷ በነጭ፣ አንዷ በደማቅ ቀይ፣ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። እዚያኛው ላይ አበባው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ እጇ ባዶ ነው።

ይሄን የጻፍኩት ሁለቱም አንብበው ስለፈቀዱልኝ ነው። ፎቶውን አልለጥፍም፣ ፈልጋችሁ ብታገኙም ዝም በሉ።

ሚዜ የምትሆኑ እህቶቼ፣ ከዋናው ጣቃ ቁራጭ ሳትይዙ፣ በምሽት፣ በስልክ ፎቶ ጨርቅ አትግዙ። ቁራጩን ይዛችሁ በቀን ሂዱና በሩ ላይ አውጥታችሁ እዩ። ባለሱቁ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፣ በሰርግ ፎቶ ላይ ስትደብቁት የነበረ ነገር አለ?